ሁሉም ሰው «አሁኑኑ» ይለኛል፤ የነገውን ቀን በምን ቅደም ተከተል ልያዘው?

ሂሳብ_ሳሪስ
ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ጁኒየር አካውንታንት ነኝ። ክፍላችን ትንሽ ነው፤ ማናጀሯ፣ አንድ ሲኒየር፣ ካሸሯና እኔ። ሲኒየሩ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለሆነ የእሱም ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው።

ነገ ዓርብ የካቲት 27 የሚጠብቀኝን ልንገራችሁ። የሽያጭ ኃላፊው የተሰብሳቢ ዝርዝር ፈልጎ ዛሬ ደጋግሞ ደወለ፤ «አሁኑኑ» ነው የሚለው። ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄደው ሾፌርና ረዳቱ አበላቸው አልተሠራም። የካርቶን አቅራቢያችን ገንዘብ ሰብሳቢ ዛሬ ከሰዓቱን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቼክ ሲጠብቅ ዋለ፤ ነገም እመጣለሁ ብሏል። የጥር ወር የሥራ ግብርና ጡረታ ዲክሌር አልተደረገም። ፔቲ ካሽ ሊያልቅ ነው። ኦዲተሮቹ የአሥራ አምስት ደረሰኝ ኮፒ ጠይቀዋል። የጥር የባንክ ሪኮንሲሌሽን ደግሞ ገና አልተጀመረም፤ ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ሰውም የለም። በዚህ ላይ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ዝም ብሎ አያውቅም።

ቀኑ ሲመሽ ብዙ ሠርቼ ዋናው ሥራ ሳይነካ ያድራል። አስቸኳይ የሆነውንና ዋና የሆነውን እንዴት ነው የምትለዩት?

ናቲ_ፕሮጀክት

ይሄ የታወቀ ዘዴ አለው። አንድ ወረቀት በመስቀል ለአራት ክፈይ። አስቸኳይም ዋናም የሆነውን አሁን ትሠሪያለሽ፤ ዋና ሆኖ የማያስቸኩለውን ቀን ትቆርጪለታለሽ፤ አስቸኳይ ሆኖ ዋና ያልሆነውን ለሌላ ሰው ትሰጫለሽ፤ ሁለቱንም ያልሆነውን ትሰርዣለሽ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈጠረው ነው። ጠዋት ስትገቢ ስልክሽን ዘግተሽ በሪኮንሲሌሽኑ ጀምሪ፤ እስከ ምሳ ማንንም አትስሚ። እኔ በፕሮጀክት ሥራ እንደዚህ ነው የማደርገው።

የሠራተኛ_ጉዳይ

እህቴ፣ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከመደበኛው ሰዓት በላይ በቀን ሥራ ስትሠሪ የሰዓት ክፍያሽ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ሰዓት ሊያሠሩሽም አይችሉም። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ።

ሂሳብ_ሳሪስ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ይሄንን ለሌላ ቀን እይዘዋለሁ። የአሁኑ ችግሬ ግን የክፍያ አይደለም፤ በመደበኛው ሰዓት ውስጥ የቱን ማስቀደም እንዳለብኝ ነው ያልለየሁት። ናቲ፣ ለማን ነው የምሰጠው? ከእኔ በታች ሰው የለም። ስልኬን ከዘጋሁ ደግሞ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይውላል።

ጋሽ_ሌጀር

ልጄ፣ በሂሳብ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ አሁን አንድ ፋይናንስ ክፍል እመራለሁ። ናቲ የነገረሽ አራት ክፍል ጥሩ ነው፤ ግን አዛዥ ለሆነ ሰው የተሠራ ነው። አይዘንሃወርም ቢሆን በ1954 እ.ኤ.አ. ኢቫንስተን ከተማ ባደረገው ንግግር ሐሳቡን የአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት አድርጎ ነው የጠቀሰው። የተናገረውም አስቸኳይ ችግርና ዋና ችግር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። አራት ክፍል ያለው ሥዕል ኋላ የመጣ ነው። አንቺ የምትሰጪው ሰው የለሽም፤ የመሰረዝ ሥልጣንም የለሽም። ያለሽ ሥልጣን ሰዓቱን መደርደርና መጠየቅ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፦ ከስንት ሰዓት ካለፈ ነው የሚበላሸው? ሰውዬው ስንት ጊዜ ደወለ አላልኩሽም፤ ሰዓቱን ነው ያልኩሽ። ሁለተኛ፦ ከተበላሸ በኋላ ይጠገናል ወይስ አይጠገንም? የመጀመሪያው መልስ አስቸኳይነቱን ያሳይሻል፣ ሁለተኛው ዋናነቱን።

አሁን መልሺልኝ። መኪናው ስንት ሰዓት ይወጣል? የካርቶኑ ክፍያ ቀኑ መቼ ነው? የተሰብሳቢው ዝርዝር ለምን ስብሰባ ነው? ዲክላሬሽኑ ላይ የሚፈርመው ማን ነው፣ ቅዳሜስ ይገባል?

ሂሳብ_ሳሪስ

መኪናው ጠዋት 3:30 ይወጣል። የካርቶኑ ውል የ30 ቀን ዱቤ ነው፤ አሁን ደረሰኙን ሳየው ቀኑ መጋቢት 4 ነው የሚሞላው። የተሰብሳቢው ዝርዝር ለሰኞ ከሰዓት ስብሰባ ነው። ዲክላሬሽኑን የምታጸድቀው ማናጀሯ ናት፤ ቅዳሜ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ክፍለ ሀገር ትሄዳለች፣ ሰኞ ጠዋት ትመለሳለች። እስከ ሰኞ የካቲት 30 ጊዜ ስላለኝ ለሰኞ አስቤው ነበር።

ጋሽ_ሌጀር

እዚህ ላይ ነው ቀኑ የሚገለበጠው። ዛሬ ከሰዓቱን ሙሉ ፊትሽ የተቀመጠው ሰውዬ ገንዘቡ ገና አልደረሰም። ድምፁን ያላሰማው ዲክላሬሽን ግን የመጨረሻ ቀኑ ሰኞ ሳይሆን ነገ ነው።

ለምን ነገ እንደሆነ ልንገርሽ። የጥር ግብርና ጡረታ እስከ የካቲት 30 መከፈል አለበት፤ ካለፈ ቅጣትና ወለድ አለው፣ እሱን ደግሞ ማንም አይጠግንልሽም። የካቲት 30 ግን ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን እንጂ ሥራው የሚጀመርበት ቀን አይደለም። ከመክፈል በፊት ማጽደቅ አለ፤ ከማጽደቅ በፊት ማመሳከር አለ። ማናጀሯ ቅዳሜ የለችም፣ እሑድ እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የከተማው አካውንታንት ሁሉ ኢ-ታክሱ ላይ ነው የሚረባረበው፤ ሲስተሙ የወሩ መጨረሻ ላይ እንደሚከብድ ሁሉም የሚያውቀው ነው። አንድ አዲስ ሠራተኛ ቲን ቁጥሩ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እሱን ለማስተካከል ጊዜ አይኖርሽም። ስለዚህ አንድ ሥራ በሌላ ሰው እጅ የሚያልፍ ከሆነ የመጨረሻ ቀኑን ከዚያ ሰው ቀን ተነስተሽ ወደ ኋላ ቁጠሪው።

ነገን እንዲህ ያዢው። 2:30 ስትገቢ የሾፌሩን አበል ሥሪ፤ ቫውቸሩን ሞልተሽ ለካሸሯ እስክታደርሺ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ትንሽ ሥራ ነው፤ ግን 3:30 ካለፈ መኪናው ይቆማል፣ ዕቃው ወደብ ላይ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ደግሞ ኪራይ ይቆጥራል። ፔቲ ካሹንም ካሸሯ ጋ ሳለሽ እዪው፤ የቀረው ገንዘብ እስከ ማክሰኞ ይበቃል ወይ ብለሽ ጠይቂያት። ከበቃ ለሰኞ ይደር።

ከ3:00 እስከ 4:30 ዲክላሬሽኑ ነው። የፔይሮሉን ጠቅላላ ደመወዝ ከሌጀሩ ጋር አመሳክሪ። ጡረታውን ስታዪ መነሻው መሠረታዊ ደመወዝ መሆኑን አረጋግጪ፤ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከድርጅቱ 11 ከመቶ፣ በድምሩ 18። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የሥራ ግብር የሚቆረጥበትን ጠቅላላ ክፍያ ለጡረታም ሲጠቀምበት ነው፤ አበል ሲገባበት ቁጥሩ ያብጣል። በጥር ውስጥ የተቀጠረና የለቀቀ ሰው ካለ ለብቻው እዪው። 4:30 ላይ ማናጀሯ ጠረጴዛ ላይ አድርሺው። ነገ ዓርብ ስለሆነ የምሳው ሰዓት ይረዝማል፤ ከ5:30 በኋላ ፈራሚም ባንክም ማግኘት ይከብድሻል።

የካርቶኑን ሰው ሲመጣ አታስቀምጪው። «ክፍያዎ መጋቢት 4 ነው የሚደርሰው፣ ቼኩ የሚዘጋጀው በዚያ ቀን ነው» ብለሽ በትህትና ንገሪው። ሰው ፊትሽ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሥራው የሚያስቸኩል ይመስላል፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ግን አይለወጥም። ኦዲተሮቹን መቼ እንደሚፈልጉት ጠይቂያቸው፤ ቀን ካልሰጡሽ አንቺ ስጪያቸው።

ከሰዓት ከ8:00 እስከ 9:30 ሪኮንሲሌሽን። ሁሉንም አካውንት አትንኪ፤ ብዙ ገንዘብ የሚገባበትን አንዱን ብቻ። የቀረው ሰዓት ለተሰብሳቢው ዝርዝርና ለሚመጣው ነገር ይሁን። ቀኑን ጥቅጥቅ አድርገሽ አትሙዪው፤ ያልታሰበ ሥራ እንደሚመጣ የታወቀ ነውና ቢያንስ አንድ ሰዓት ክፍት ተዪለት።

ናቲ_ፕሮጀክት

ጋሽ፣ የጠቀሱትን ንግግር አላውቀውም ነበር፤ ስላስተካከሉኝ አመሰግናለሁ። ጠዋቱን ለሪኮንሲሌሽኑ ያልኩት በእሷ ሥራ አይሠራም፣ ገብቶኛል። ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ከሰዓት በኋላ የሚመደብ ሰዓት ሁልጊዜ ይበላል። ጠዋት ያልተሠራ ዋና ሥራ አይሠራም።

ጋሽ_ሌጀር

እውነት አለህ፣ ይበላል። ለዚህ ነው ግማሽ ቀን ሳይሆን አንድ ሰዓት ተኩል ያልኳት። ማናጀሯም ማወቅ አለባት፤ ያልታወቀ ሰዓት ማንም ይወስደዋል።

መዝገብ_ቤት_ሐዋሳ

እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነኝ። የእኛ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማኅተም አለው። ሁሉም አስቸኳይ ከሆነ በምን እለያለሁ? ጥያቄውን ካስረዘምኩ ይቅርታ።

ጋሽ_ሌጀር

ማኅተሙን ተወውና የመጨረሻውን አንቀጽ አንብብ። «እስከ መጋቢት 3 ድረስ እንድትልኩልን» የሚል ቀን ካለው ያ ነው ሰዓቱ። ቀን የሌለውን አስቸኳይ ለብቻ አስቀምጥና ለኃላፊህ በቀን አንድ ጊዜ አንድ ላይ አቅርበው፤ ቀን እሱ ይስጠው። ፍርድ ቤትና ኦዲት ከሆነ ግን ቀን ባይኖረውም አታሳድር።

መዝገብ_ቤት_ሐዋሳ

የእኛ ኃላፊ «ሁሉንም ዛሬ» ነው የሚለው። ግን በአንድ ላይ ማቅረቡን እሞክረዋለሁ።

ሴልስ_ነኝ_እኔ

እህቴ፣ እኔ በሌላ ድርጅት ሽያጭ ላይ ነኝ፤ ደውለው የሚያስጨንቁሽ የእኔ ዓይነት ሰዎች ናቸው። የእኛንም ወገን ስሙን። እኔ የተሰብሳቢ ዝርዝር ደጋግሜ የምጠይቀው ዝርዝሩን ስለማላምነው ነው። ደንበኛው በባንክ አስገብቶ ስሊፑን ይልክልኛል፤ ፋይናንስ የሚሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን ዕዳው እንዳለ ነው። ደውዬ ክፈል ስለው ይሳደባል እንጂ አይከፍልም። በዚህ ምክንያት ሌላ ዕቃ ሳይወስድ የቀረ ደንበኛ አለኝ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ «አዲሱን ዝርዝር አምጡ» እላለሁ። የአንቺም ኃላፊ ምክንያቱ ይሄ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ጋሽ_ሌጀር

ይሄ ልጅ ከእኔ የተሻለ ነገር ተናገረ። የተሰብሳቢው ዝርዝርና ሪኮንሲሌሽኑ ሁለት ሥራ አይደሉም። ደንበኛ ባንክ ያስገባው ገንዘብ ካልተመዘገበ ስሙ ከባለ ዕዳዎቹ ዝርዝር አይወጣም። ያልተመዘገበ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ስቴትመንቱን ከመጽሐፉ ጋር ስታስተያዪ ነው። የማያስቸኩለው ሥራ ስለተተወ የሚያስቸኩለው ሥራ ይበዛል፤ አንቺም የሚያስቸኩለውን ስታሳድጂ የማያስቸኩለው ይተዋል።

ስለዚህ የነገውን ቅደም ተከተል አልቀይርም፤ ከሰዓቱን ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ሪኮንሲሌሽኑን ሳትሠሪ የተሰብሳቢ ዝርዝር ለሽያጭ ኃላፊው አትስጪ። ዝርዝሩን ጠዋት ብታትሚለት ነገ ዝም ይላል፤ ሰኞ ስብሰባ ላይ ግን የከፈለ ሰው ስም ይነበባል።

ማናጀርሽን ጠዋት 2:30 ላይ እንዲህ በያት፦ «ዛሬ ዲክላሬሽኑን 4:30 ላይ ለማጽደቅ አደርስልዎታለሁ። ከሰዓት ከ8 እስከ 9:30 ዋናውን አካውንት አስታርቃለሁ፣ ከዚያ የተሰብሳቢውን ዝርዝር አወጣለሁ። ሌላ የሚቀድም ካለ ከእነዚህ የቱ ይቆይ?» መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ እንዳትቀር። «ሥራ በዝቶብኛል» ብትያት «አይዞሽ» ትልሻለች፤ «የቱ ይቆይ» ስትያት ግን መምረጥ ይኖርባታል።

ናቲ_ፕሮጀክት

ጁኒየር ሆና «የቱ ይቆይ» ማለቷ ግን አያስገምታትም? በእኛ ቢሮዎች አለቃ ሲያዝ «እሺ» ነው የሚባለው።

ሴልስ_ነኝ_እኔ

እንደ አለቃው ነው። አንዳንዱ እንደ ብልህነት ያየዋል፣ አንዳንዱ እንደ ድፍረት። እኔ አንዷ አለቃዬ «አንተው ጨርስ» ብላ ወረቀቱን መልሳልኛለች።

ጋሽ_ሌጀር

እንዲህ የምትል አለቃ ካለች ልጅቷ ቅደም ተከተሏን ጽፋ በቴሌግራም ትላክላት። መልስ ባይመጣም ተልኳል።

ሂሳብ_ሳሪስ
ዓርብ ማታ

አሁን ነው የተቀመጥኩት፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

አበሉ በሰዓቱ ወጣ። ዲክላሬሽኑ ላይ ጋሽ ያሉት ነገር እውነት ሆነ፦ በጥር አጋማሽ የተቀጠረ የመጋዘን ሠራተኛ ቲን ቁጥር አንድ አኃዝ ጎድሎት ነበር። ልጁ ራሱ መጋዘን ስለነበረ ወረቀቱን አምጥቶልኝ ተስተካከለ። ማናጀሯ ከ5:00 ትንሽ ቀደም ብላ አጸደቀችው፣ ክፍያውም ዛሬውኑ ሄደ። ሰኞ ቢሆን ኖሮ ከጠዋቱ ግርግር ጋር ይገጥም ነበር።

የካርቶኑ ሰውዬ መጣ። ቀኑን ስነግረው «እንግዲያው መጋቢት 4 እመጣለሁ» ብሎ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ። ኦዲተሮቹ እስከ ረቡዕ አሉኝ።

ከሰዓት ላይ ግን የታሰበው ሙሉ በሙሉ አልሆነም። የሽያጭ ኃላፊው 8:20 ላይ ራሱ መጣ። ማናጀሯ ነግራው ስለነበር አልተቆጣም፤ ግን አጠገቤ ቆመ። ያን ጊዜ ስቴትመንቱን አሳየሁት። ጥር 24 የገባ 185,000 ብር ነበር፤ መግለጫው ላይ ሪፈረንስ ቁጥር ብቻ እንጂ የላኪው ስም የለም። እኛ ጋ ሳይመዘገብ ቆይቷል። እሱ ስልኩን ከፍቶ ቴሌግራሙ ላይ ሲፈልግ ስሊፑን አገኘው፤ የመርካቶ ደንበኛችን ነው። ሰውዬውን በዚህ ሳምንት ዕዳህን ክፈል ብለውት ነበር። እንደዚህ ዓይነት ሌሎችም ተገኙ፤ ጥቂቶቹ ግን እስካሁን የማን እንደሆኑ አልታወቀም። አካውንቱ አላለቀም፤ እስከ ጥር 26 ደርሻለሁ። ዝርዝሩን ሰኞ ጠዋት እሰጠዋለሁ ብዬ ተስማምተናል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ይሄ እንዳይደገም በየቀኑ ምን ላድርግ? ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ የሽያጭ ኃላፊው የባለቤቱ ዘመድ ነው። ዛሬ ማናጀሯ ስላገዘችኝ ሆነ፤ እሷ በሌለችበት ቀን «አሁኑኑ» ቢለኝስ?

ጋሽ_ሌጀር

አበጀሽ። ላልታወቁት ገቢዎች በግምት ስም አትስጪያቸው። ያልተለየ ገቢ ብለሽ ለብቻ ያዢያቸው፤ ዝርዝሩ ግርጌ ላይም ቀኑንና የብሩን መጠን ጻፊ። ሽያጭ ሲያየው ባለቤቱን ያገኘዋል።

ለየቀኑ ደግሞ፦ ጠዋት ሌላ ነገር ከመክፈትሽ በፊት የትናንቱን የባንክ እንቅስቃሴ አውጪና የገባውን ብቻ መዝግቢ። የወጣውን አትንኪ፣ እሱ የወሩ መጨረሻ ሥራ ነው። በእናንተ መጠን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። እንደ ዛሬው ጠዋት የሚወጣ መኪና ያለበት ቀን ከሆነ ከመኪናው በኋላ ይሁን።

ሴልስ_ነኝ_እኔ

ከሽያጭ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ስሊፖቹ በየሠራተኛው ስልክ ተበትነው ስለሚቀሩ ነው የሚጠፉት። ለስሊፕ ብቻ የሚሆን ግሩፕ ይከፈት፤ የሚላከው የስሊፑ ፎቶ፣ የደንበኛው ስምና የደረሰኙ ቁጥር ብቻ ይሁን፣ ሌላ ወሬ አይግባበት። እኛ ጋ እንዲህ ከተደረገ ወዲህ የምደውለው ቀንሷል። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ ደረሰኝ ቁጥሩን ይረሳሉ፤ ደጋግመሽ ካልጠየቅሽ አይለምዱትም።

የሠራተኛ_ጉዳይ

ስለ ዘመዱ ጉዳይ፦ የቅርብ ኃላፊሽ ማናጀሯ እስከሆነች ድረስ ትዕዛዝ በእሷ በኩል ይምጣ። በሌለችበት ቀን ማን እንደሚተካት በጽሑፍ ትወስንልሽ።

ጋሽ_ሌጀር

በወረቀት ትክክል ነው። በቤተሰብ ድርጅት ግን ወረቀቱ ብቻውን አይቆምም፤ የባለቤቱ ዘመድ ደውሎ ካዘዘ ልጅቷ ብቻዋን ነች። እኔ ብሆን ከማናጀሯ ጋር አስቀድሜ የምስማማው በአንድ ነገር ነው፦ እሷ በሌለችበት ቀን የማይነኩት ሥራዎች የትኞቹ ናቸው? ግብርና ደመወዝ ከሆኑ እነሱ ይታወቁ፤ ከእነሱ ውጭ ያለው ለሽያጭ ኃላፊው ቢቀድምለት ድርጅቱ አይጎዳም። ከዚያ በላይ ግን የእናንተን ቤት ሳላውቅ መናገር አልችልም።

ሂሳብ_ሳሪስ

የስሊፑን ግሩፕ ሰኞ ከስብሰባው በፊት ለሽያጭ ኃላፊው ራሱ አቀርብለታለሁ፤ ዛሬ የመርካቶውን ስሊፕ ያገኘው እሱ ስለሆነ እምቢ የሚል አይመስለኝም። ስለ ሌላው ማናጀሯን ስትመለስ አነጋግራታለሁ። ጋሽ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ የጠዋቱን ምዝገባ ስጀምር ከጥር 27 እስከ ዛሬ ያለውን ክፍተት መጀመሪያ ልሙላ ወይስ ከሰኞ ጀምሬ ወደፊት ልሂድ?

ጋሽ_ሌጀር

ከሰኞ ጀምረሽ ወደፊት ሂጂ፤ ክፍተቱን ከሰዓት በኋላ በያዝሽው ሰዓት ቀን በቀን ሙዪው። መጀመሪያ ክፍተቱን ልሙላ ካልሽ እሱን እስክትጨርሺ ሌላ ክፍተት ይከፈታል። ለሰኞው ስብሰባ ግን ከጥር 27 ወዲህ የገቡትን ትልልቆቹን ብቻ ነገ ጠዋት ለቅመሽ መዝግቢያቸው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትገባላችሁ አይደል?

ሂሳብ_ሳሪስ

እንገባለን። ከ100,000 ብር በላይ የሆኑትን ነገ እጨርሳቸዋለሁ።